ማነው የሚያስታውሰው? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ስለሚደርቅበት ምክንያት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንዳርመው ተሰጥቶኝ ነበር። ከእኔ አስቀድሞ ትርጉሙን ያነበበው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሰው ነው። እርሱም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንጻር በኅዳጉ ላይ «ማነው የሚያስታውሰው?» የሚል ጥያቄ ጽፎበታል። የአማርኛው ቃል «መጠየቃችሁ ይታወሳል» የሚል ሲሆን፥ ተርጓሚው «ኢት ኢዝ ሪሜምበርድ ዛት ዩ አስክድ» ብሎ መልሶታል። በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም፤ መዝገበ ቃላትም ቢመረመር ለእያንዳንዱ ቃል የተሰጠው አቻ ትክክል ሆኖ ይገኛል። የአንባቢው ጥያቄም ተገቢ ነው። ሆኖም አማርኛውን ያነበበ ማንም ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

ለዚህ ዓይነቱ ድርቀት ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያቶች ሲሰጡ ይሰማል። አንደኛው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ራሱ ቃል ያበዛል፥ ጉዳዩን ያንዛዛል የሚል ነው። ሁለተኛው የተርጓሚው እንግሊዝኛ ደካማ ነው የሚል ነው። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ፤ ነገር ግን ዋናውን ምክንያት አይነኩትም። በአማርኛው የማያንዛዛ ደብዳቤ፥ እንግሊዝኛን በሚገባ በሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ሲተረጎምም ይደርቃልና። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሚከተለው ነው። በደብዳቤ ውስጥ የሚደጋገሙት ቋሚ አነጋገሮች መልእክት የሚናገሩ ሳይሆኑ መልእክትን የሚያገጣጥሙ ናቸው። ስለዚህ ተርጓሚው «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አይበቃውም፤ «ይህ ቃል በዚህ ስፍራ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

1. ለምርመራ የቀረበው ደብዳቤ

ነገሩን በምሳሌ ለመከተል እንዲቻል የሚከተለውን አጭር ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። ምሳሌው የተፈጠረ ቢሆንም በውስጡ ያሉት አነጋገሮች በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በብዛት የሚገኙ ናቸው።

«ጉዳዩ፦ የማቅረቢያ ጊዜ እንዲራዘም ስለመጠየቅ

በጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በጻፋችሁልን ደብዳቤ የጥናቱ ሰነድ እስከ መስከረም 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ እንዲላክላችሁ መጠየቃችሁ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ሰነዱን የሚያዘጋጁት ባለሙያ በሕመም ምክንያት በሥራ ገበታቸው ላይ ባለመገኘታቸው ሥራውን በተባለው ጊዜ ለማጠናቀቅ ያልተቻለ መሆኑን እየገለጽን፥ የማቅረቢያው ጊዜ እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ እንዲራዘምልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

ይህ ደብዳቤ በአማርኛው ግትር አይደለም። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት፤ አንደኛው ያለፈውን ያስታውሳል፥ ሁለተኛው ምክንያቱን አስቀድሞ ልመናውን ያሳርጋል። እንግሊዝኛው የሚደርቅባቸው ስፍራዎች ሦስት ናቸው። እነርሱም «ይታወሳል»፥ «መሆኑን እየገለጽን» እና «እንዲራዘምልን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚሉት ናቸው። ቀጥለን አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን።

2. ስለ «ይታወሳል»

«ይታወሳል» ተደራጊ ግሥ ነው። ባለቤቱም «መጠየቃችሁ» የሚለው ከግሥ የወጣ ስም ነው። አስታዋሹ አልተጠቀሰም፤ ሊጠቀስም አይፈለግም። ግሡ በዚህ ስፍራ የሚሠራው ሥራ አስታዋሹን መንገር ሳይሆን፥ ከፊቱ የተነገረው ነገር በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ማመልከት ነው። በሌላ አነጋገር አዲስ ነገር የሚጀምርበትን መሠረት ያነጥፋል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያውል በመሆኑ አንባቢው ረጅሙን ሐረግ አንብቦ «ይታወሳል» ላይ ሲደርስ «እስካሁን የተባለው መነሻ ነው፤ ጉዳዩ ከዚህ በኋላ ይመጣል» ብሎ ይረዳል።

እንግሊዝኛው ግን ግሡን ወደ ፊት ስለሚያመጣ ትርጉሙ «ኢት ኢዝ ሪሜምበርድ» ብሎ ይጀምራል። አንባቢው ገና ምን እንደ ተባለ ሳያውቅ «ተታወሰ» የሚለውን አስቀድሞ ይሰማል። መነሻነቱ ይቀርና ማስታወስ የዓረፍተ ነገሩ ዋና መልእክት ይሆናል። በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ጥያቄም የተወለደው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚዎች እምብዛም ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። የ«ይታወሳል» ሥራ የሚለወጠው ከፊቱ የሚመጣው ስም በሚይዘው ባለቤት አመልካች ነው። ሦስቱን አነጋገሮች እናነጻጽር፦

«መጠየቃችሁ ይታወሳል»፤
«ማሳወቃችን ይታወሳል»፤
«መመሪያው መውጣቱ ይታወሳል»።

በመጀመሪያው ድርጊቱ የተቀባዩ ነው። ጸሐፊው «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፥ የጠየቃችሁትንም አልዘነጋንም» ማለቱ ስለሆነ አነጋገሩ አክብሮት አለው። በሁለተኛው ድርጊቱ የጸሐፊው ነው። እዚህ ግን ለስላሳ ወቀሳ አለበት፤ «ቀድመን ነግረናችሁ ነበር፥ ምላሽ አልሰጣችሁንም» የሚለው ሳይነገር ይሰማል። ይህ ወቀሳ ደብዳቤው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲጻፍ እየጠነከረ ይሄዳል። በሦስተኛው ድርጊቱ የሌላ ወገን ነው፤ አክብሮትም ወቀሳም የለበትም፥ መነሻ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንዱ ግሥ በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ መልኮች ሊኖሩት ይገባል። ለመጀመሪያው «ሴንክ ዩ ፎር ዩር ሌተር» የሚለው የምስጋና መክፈቻ ሥራውን ይሠራል። በአማርኛው የምስጋና ቃል የለም ተብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም እንግሊዝኛው ደብዳቤ መድረሱን የሚያረጋግጠው በምስጋና ነው። ለሁለተኛው «አዝ ዊ ሮት ቱ ዩ ኦን» ብሎ ቀኑን መጥቀስ ይበቃል፤ ወቀሳው በቀኑ መጠቀስ ውስጥ ይኖራል፥ በዚያም ቋንቋ ሳይነገር ይሰማል። ሦስተኛው ግን ጨርሶ መተርጎም የለበትም፤ መመሪያው በዚህ ቀን ወጣ ብሎ በቀጥታ መናገር ይሻላል። ሦስቱንም በአንድ አቻ የሚመልስ ተርጓሚ እንግሊዝኛውን ከማድረቁ በላይ አክብሮትንና ወቀሳን አንድ ያደርጋል። ይህ ደግሞ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የትርጉም ስሕተት ነው።

3. ስለ «መሆኑን እየገለጽን»

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ባለመገኘታቸው»፥ «ያልተቻለ መሆኑን»፥ «እየገለጽን» እና «እንጠይቃለን» የሚሉት በአንድ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ከእነዚህ ሁሉ ማሰሪያ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው። የቀሩት ክብደታቸውን ለእርሱ ያስረክባሉ። «እየገለጽን» የሚለውም ቃል በቃሉ «በመግለጽ ላይ ሳለን» ማለት ይመስላል፤ በደብዳቤ ውስጥ ግን ጊዜን አያመለክትም። የሚለው ነገር «ይህኛው ምክንያት እንጂ ጉዳይ አይደለም» ነው።

ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «እየ» የሚለውን «ዋይል» በሚለው ይመልሰዋል። ነገር ግን «ዋይል» በእንግሊዝኛ ወይ የሁለት ድርጊቶችን በአንድ ጊዜ መፈጸም፥ ወይ የሁለት አሳቦችን ተቃርኖ ያመለክታል። ስለዚህ አንባቢው «አልቻልንም ብንልም እንኳ እንጠይቃለን» የሚል ነገር የተነገረው ይመስለዋል። ምክንያቱ ከልመናው ጋር የሚጣላ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። በዚህ ላይ «ያልተቻለ መሆኑን» የሚለው ግሡን ወደ ስምነት ስለሚለውጠው፥ ትርጉሙ ስም በስም ላይ የተደራረበበት፥ ድርጊቱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

መድኃኒቱ ሰንሰለቱን መፍታት ነው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ልመናውን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስከተል ይወዳል፤ አማርኛ ግን ምክንያቱን ሳይሰማ ልመና የቀረበለት ሰው እንደ ተደፈረ ሊቆጥረው ይችላል። እያንዳንዱ ቅደም ተከተል በቋንቋው ውስጥ ጨዋነት ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገሮች መክፈልና «እየገለጽን» የሚለውን ያለ አቻ መተው ጉዳት የለውም። ማሳወቁ በራሱ በደብዳቤው መጻፍ ተፈጽሟልና።

ነገር ግን እዚህ አንድ ወሰን አለ። «ያልተቻለ» የሚለው ግሥ ማን እንዳልቻለ አይናገርም። ለማለስለስ የሚተጋ ተርጓሚ «ዊ ወር አንኤብል» ብሎ «እኛ» የሚል ባለቤት ይጨምርበታል። ጉዳዩ እንደ ምሳሌያችን ቀላል ሲሆን ይህ መልካም እንግሊዝኛ ነው። ጉዳዩ የውል አፈጻጸም፥ የዕቃ መጥፋት ወይም የክፍያ መዘግየት ሲሆን ግን የባለቤቱ አለመጠቀስ የደብዳቤው ጸሐፊ አስቦ ያደረገው ሊሆን ይችላል። «አልተቻለም» ያለውን «እኛ አልቻልንም» ብሎ መተርጎም ኃላፊነቱን ያላመነውን ሰው እንዳመነ ማስመሰል ነው። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝኛው ተደራጊ ግሥ ምንም ቢደርቅ መቀመጥ አለበት። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም በዚህ ጉዳይ ተጠያቂው ማነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላልን? የሚለው ነው። ሊነሣ የሚችል ከሆነ ባለቤት አይጨመርም።

4. ስለ «እንዲራዘምልን በአክብሮት እንጠይቃለን»

በዚህ ሐረግ ውስጥ ትሕትናው ያለው «በአክብሮት» በሚለው ቃል ላይ ብቻ አይደለም። «እንዲራዘም» የሚለው ተደራጊ ነው፤ «አራዝሙ» ተብሎ ተቀባዩ በቀጥታ አልታዘዘም። «ልን» የሚለው ቅጥያ ደግሞ የሚደረገው ነገር ለጠያቂው የሚውል በጎነት መሆኑን ያሳያል። ቅጥያውን አውጥተን «እንዲራዘም እንጠይቃለን» ብንል ሰዋስው አይጎድልም፤ ነገር ግን ልመናው ወደ መመሪያ ይጠጋል። ስለዚህ ከትሕትናው የሚበዛውን የተሸከመው ይህ ትንሽ ቅጥያ ነው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም። ተርጓሚው «ፎር አስ» ብሎ ቢጨምር ወይ ትርፍ፥ ወይ የልጅ ልመና ይመስልበታል። ቅጥያው ከተተወ ደግሞ የቀረው «ሪስፔክትፉሊ» የሚለው ብቻ ይሆናል። ይህም ቃል በእንግሊዝኛ ለፍርድ ቤት በሚቀርብ አቤቱታ ወይም በብርቱ ባለመስማማት ጊዜ በብዛት ስለሚሰማ፥ ሙቀት ያለውን የአማርኛ ልመና ያቀዘቅዘዋል። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚያሠራው ለሁኔታ በተገደበ ግሥ ነው፤ «ዊ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ» የሚለው አነጋገር የተደራጊውን ግሥ፥ የቅጥያውንና የ«በአክብሮት»ን ድርሻ አጠቃልሎ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ይህ አቻ በሁሉም ስፍራ አይሠራም። የደብዳቤ ማሰሪያ ግሦች እንደ ጸሐፊውና እንደ ተቀባዩ ማዕረግ ደረጃ አላቸው። ግለሰብ ወደ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ «አመለክታለሁ» ይላል። መሥሪያ ቤት ለእኩያው ሲጽፍ «እንጠይቃለን» ይላል። የበላይ ለበታቹ ሲጽፍ «እናሳስባለን» ይላል፤ ከዚያም ሲያልፍ «እናስጠነቅቃለን» ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳተው «እናሳስባለን» ነው። መነሻው «አሰበ» የሚለው ግሥ በመሆኑ ተርጓሚው «ዊ ሪማይንድ ዩ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ስፍራ ግን «ማሳሰብ» ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን ያለው ወገን እንዲፈጸም የሚፈልገውን ነገር መናገሩ ነው። «ክፍያው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲፈጸም እናሳስባለን» የሚለውን በ«ዊ ዉድ ቢ ግሬትፉል» የሚመልስ ሰው ግዴታውን ወደ ልመና ለውጦታል። ተቀባዩም ላለመክፈል ምክንያት አገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ድርቀትን መሸሽ ራሱ ወደ ባሰ ስሕተት የሚያደርስበት ጊዜ አለ።

5. ስለ ቀኑ

በቃል በቃል ትርጉም ከመድረቅ አልፎ የሚያሳስት አንድ ነገር ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን በእንግሊዝኛው የወር ስም ስለሌለው ተርጓሚው ወደ ሌላው አቆጣጠር ለመለወጥ ይገደዳል፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን እንዳለ የሚተው አለ። «2016» ተብሎ ቢተው የውጭ አንባቢ ደብዳቤው ሰባት ዓመት ያለፈበት ነው ብሎ ይይዘዋል። በምሳሌያችን ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023 ነው። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት በመሆኑ አዲሱ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ስለዚህ መስከረም 30 ቀን ኦክቶበር 11፥ ጥቅምት 30 ቀን ደግሞ ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል። በተለመደው ዓመት ሠንጠረዥ የሠራ ተርጓሚ ሁለቱንም የጊዜ ገደቦች በአንድ ቀን ያሳጥራቸዋል።

6. ደብዳቤው ሲመለስ

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት ምሳሌያችን በእንግሊዝኛ የሚከተለውን ቅርጽ ይይዛል። «ስለመጠየቅ» የሚለው የርዕስ ማሳረጊያ በስም ተተክቶ «ሪክዌስት ፎር ኤክስቴንሽን» ይሆናል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023 ስለ ተጻፈው ደብዳቤ ያመሰግናል፤ በዚያም የተጠየቀውን ሰነድና ኦክቶበር 11 የሚለውን ቀን ይጠቅሳል። ሁለተኛው ጊዜው እስከ ኖቬምበር 10 ቢራዘም ደስታው መሆኑን በ«ዊ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ» ይገልጻል። ሦስተኛው ባለሙያው ታምመው ከሥራ በመቅረታቸው ሥራው እንዳልተጠናቀቀ ይናገራል። «በሥራ ገበታቸው ላይ» የሚለው ገበታውን ትቶ ከሥራ መቅረት ብቻ ይሆናል። የባለሙያው አንቱታ በእንግሊዝኛ ግሥ ላይ አይታይም፤ ማዕረግና ስም ቢኖር በዚያ ይጠበቅ ነበር፥ እዚህ ግን ያለ ምትክ ይቀራል። ይህን ኪሳራ መቀበል ግድ ነው።

ከተነገረው ፍሬ ነገር አንዳችም አልጎደለም፤ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሦስት ሆኑ፥ ሦስት ቋሚ አነጋገሮችም ቦታቸውን ለሌሎች ቋሚ አነጋገሮች ለቀቁ። ይህ ለአማርኛ ብቻ የሚያስፈልግ አለመሆኑን ለማየት ነገሩን መገልበጥ ይበቃል። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለማያውቀው ሹም «ውድ ጌታዬ» ብሎ ይጀምርና «በታማኝነት የእርስዎ» ብሎ ይፈርማል። ማንም ኢትዮጵያዊ ተርጓሚ እነዚህን ቃል በቃል አማርኛ አድርጎ አያስቀምጥም፤ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ያልፋቸዋል። ለፊርማው ያደረግነውን ለ«ይታወሳል» ለምን እንዳላደረግን ብንጠይቅ፥ ፊርማው ከጽሑፉ ተለይቶ ስለሚታይ ቋሚ አነጋገር መሆኑ ግልጽ ነው፤ «ይታወሳል» ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሠውሮ ተራ ግሥ ይመስላል።

7. ከመዝገበ ቃላት ስለሚጠበቀው

ተርጓሚውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የምንገለገልባቸው መዛግብተ ቃላት ለቃላት እንጂ ለቃላት ሥራ የተዘጋጁ አይደሉም። የቮልፍ ሌስላው የ1973 መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሳየቱ ታላቅ ርዳታ ነው፤ ነገር ግን መነሻው እንግሊዝኛ በመሆኑ አማርኛ ደብዳቤ በእጁ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በ1990 የታተመው የቶማስ ሌይፐር ኬን ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት ከአማርኛ ይነሣል፤ ሆኖም አጠቃላይ መዝገበ ቃላት በመሆኑ የደብዳቤን አነጋገር በማዕረግና በባለቤት ለይቶ እንዲያሳይ ሊጠበቅበት አይችልም። ጉድለቱን የሚሞላው በደብዳቤ ቋሚ አነጋገሮች ላይ ብቻ የተወሰነ አነስተኛ መዝገብ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ «ይታወሳል» የሚለው ከ«ታወሰ» ሥር ተሸጉጦ አይቀርም፤ ራሱን ችሎ ይገባል። በመግቢያው ሥር በመጀመሪያ ሥራው ይጻፋል፤ «የታወቀ መነሻ ያቀርባል» ይባላል። ቀጥሎ ከፊቱ የሚመጣው ስም ባለቤት ተቀባዩ፥ ጸሐፊው ወይም ሌላ ወገን ሲሆን የሚለወጠው ስሜት በሦስት ተራ ይለያል። ለየተራው የእንግሊዝኛ አቻ ይሰጠዋል፤ ለሦስተኛው «ያለ አቻ ይተዋል» ተብሎ ይጻፋል። በመጨረሻም መለወጥ የማይገባው ሁኔታ ይመለከታል። «ያለ አቻ ይተዋል» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት አዘጋጂ በቀላሉ አይጽፈውም፤ ተርጓሚው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ቃል በቃል መተርጎም ተገቢ የሚሆንበት ስፍራ አለ። ደብዳቤው በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ወይም የታሪክ ሰነድ ሆኖ ሲታተም አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ጸሐፊው የተናገረበትን መንገድ ነው። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝኛው ድርቀት ጉድለት ሳይሆን ምስክርነት ይሆናል፤ «ማነው የሚያስታውሰው?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከጽሑፉ በታች በማብራሪያ ይሰጣል። በቀረው ጊዜ ሁሉ ግን ደብዳቤ የሚጻፈው መልስ እንዲያገኝ ነው። ተቀባዩ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ ለመጻፍ የሚገደድበት ትርጉም መልሱን ያዘገያል።